የዳይሬክተሩ አዲስ መኪና ወይስ የአዲሱ ዳይሬክተር መኪና? አረብኛ እንዴት ይለያቸዋል

"ቤተ መንግሥት" የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁታል? ቤቱ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል። "የ" የሚባል ነገር የለም። አሠራሩ የግዕዝ ነው። አረብኛም ሁለት ስሞችን የሚያዛምደው እንዲሁ ነው፤ ስሙ ኢዳፋ ይባላል። "የዳይሬክተሩ አዲስ መኪና" የሚለውን እንሥራበት።

መጀመሪያ ስሞቹን እንደ ግዕዙ ደርድሩ። መኪና "ሰያራ" ነው፣ ዳይሬክተር "ሙዲር"። ሰያራ ባለቤት ሲከተለው ተደብቃ የነበረች "ት" ብቅ ትላለች፦ ሰያረት ሙዲር፣ የአንድ ዳይሬክተር መኪና።

ቀጥሎ "አል" ጨምሩ። "ዳይሬክተሩ" ላይ ያለችውን የ"ኡ" ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። የሚገባው ግን የመጨረሻው ስም ላይ ብቻ ነው፦ ሰያረት አል-ሙዲር። በዚያው መኪናዋም የታወቀች ሆነች። ብዙ ጀማሪ "አስ-ሰያራ አል-ሙዲር" ይላል፤ "አስ" ያው ከ"ሰ" ፊት የቆመ "አል" ነው። አይሆንም፤ በኢዳፋ የፊተኛው ስም "አል" አይሸከምም።

አሁን ቅጽሉ ይምጣ። አዲስ ለወንዴ "ጀዲድ"፣ ለሴቴ "ጀዲዳ" ነው። የአረብኛ ቅጽል ስሙን ይከተላል፤ በሁለቱ ስሞች መሃል ግን አይገባም። ስለዚህ መኪናዋን ቢገልጽም ከሙዲር ኋላ ይሰለፋል። ታዲያ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? በፆታው! ሰያራ ሴቴ፣ ሙዲር ወንዴ ነው።

ሰያረት አል-ሙዲር አል-ጀዲዳ፦ የዳይሬክተሩ አዲስ መኪና።
ሰያረት አል-ሙዲር አል-ጀዲድ፦ የአዲሱ ዳይሬክተር መኪና።

ቅጽሉም "አል" እንደያዘ አያችሁ? እኛ "አዲሱ መኪና" ስንል "ኡ" አንዴ ትበቃናለች። አረብኛ ግን ስሙ የታወቀ ከሆነ ቅጽሉም "አል" ይዞ እንዲመጣ ይጠይቃል። ከረሳችሁት ትርጉሙ ሌላ ይሆናል፦ "ሰያረት አል-ሙዲር ጀዲዳ" ማለት "የዳይሬክተሩ መኪና አዲስ ናት" ነው። ሐረግ ልትሠሩ ተነስታችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሠራችሁ ማለት ነው።

መኪኖቹ ብዙ ቢሆኑም "አል-ጀዲዳ" አይለወጥም። የዕቃ ብዙ ቁጥር በአረብኛ እንደ አንዲት ሴት ይቆጠራል።

የሚቸግረው ሁለቱም ስሞች ወንዴ ሲሆኑ ነው። "ሚፍታሕ አል-በይት አል-ጀዲድ" አዲሱ የቤቱ ቁልፍ ነው ወይስ የአዲሱ ቤት ቁልፍ? በመደበኛው አረብኛ የመጨረሻዋ ድምፅ ትፈርዳለች። ሚፍታሕ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ከሆነ "አል-ጀዲዱ" ቁልፉን፣ "አል-ጀዲዲ" ቤቱን ይገልጻል። ግን ጋዜጣ ይህችን ድምፅ አይጽፋትም፣ የመንደር ንግግርም ጥሏታል። ስለዚህ ኢዳፋውን ፍቱት፦ "አል-ሚፍታሕ አል-ጀዲድ ሊል-በይት"። አዲሱ ቁልፉ መሆኑ ለየ። ባሕረ ሰላጤው አገር የሠራ ሰው በ"ሊ" ፋንታ "ሐግ" ሲባል ሰምቶ ይሆናል፤ ሥራው ያው ነው።