ለመምህር "ይሄ አልገባኝም" ብላችሁ ስትጽፉ የምትሰሯቸው ስህተቶች

እዚህ ሐዋሳ የሃይድሮሎጂ ቱቶሪያል ስለምሰጥ ተማሪዎች ለዶክተሩ ከመላካቸው በፊት "እስቲ እየው" እያሉ ደብዳቤያቸውን ያሳዩኛል፣ እና ስህተቶቹ ሁሌም ያው ናቸው። በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ጨው በሚመለከተው ሌክቸር፣ ምክንያቱም ሁሉንም ሰው የሚያደናግረው እሱ ነው።

ሌክቸሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ወንዝ ውሃ ብቻ አያመጣም፣ የሟሟ ጨውም ይዞ ይመጣል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ካለ ጨዉም አብሮ ይወጣል። ከሌለ ግን ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ይቀራል፣ እየቆየ ሐይቁ ጨዋማ ይሆናል። ዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ስለሚፈስ ጨው አያጠራቅምም፣ አብያታ ግን መውጫ ስለሌለው ጨዋማ ነው። እስከዚህ ሁሉም "ገብቶኛል" ይላል። ከዛ ዶክተሩ የሐዋሳ ሐይቅ ጋ ይደርሳሉ፣ ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ ግን ውሃው ጨዋማ አይደለም። ክላሱ ዝም። ማታ ላይ ደብዳቤው ይጀመራል።

የመጀመሪያው ስህተት "የዛሬው ሌክቸር አልገባኝም እባክዎ ያብራሩልኝ" ብሎ መላክ ነው። በዚህ ላይ ዶክተሩ ምን ይመልሱ? ሁለት ሰዓት ያስተማሩትን እንደገና መጻፍ አይችሉም፣ ስለዚህ "ሀንድአውቱን ደግመህ አንብብ" ይሉሃል፣ አንተም ትናደዳለህ። ሰብጀክቱ ላይ ኮርሱንና ሴክሽኑን ጻፉ፣ ከዛ የቱ ጋ እንደቆማችሁ ተናገሩ፣ "የሐዋሳ ሐይቅ ምሳሌ ጋ" ማለት ብቻ እንኳን ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። "ሰመሪ ጻፉ" ሲባል ስላይዱን ይገለብጡታል። "ዝግ ሐይቅ ማለት ወደ ውጭ የሚፈስ የገጸ ምድር ውሃ የሌለው ሐይቅ ነው" ብሎ የጻፈ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፣ ግን ዶክተሩ ከሱ ስለተማሪው ጭንቅላት ምንም አያውቁም፣ የራሳቸውን ስላይድ ነው መልሰው የሚያነቡት። የማጠቃለያው ጥቅም እናንተ በራሳችሁ ቃል ስትናገሩት ስህተቱ ሾልኮ መውጣቱ ነው። አንዷ ተማሪ ያመጣችው ሰመሪ እንዲህ ይል ነበር፦

"እኔ የተረዳሁት፦ 1. ወንዝ ጨው ያመጣል። 2. ትነት ውሃውን ብቻ ይወስዳል። 3. የሚወጣ ወንዝ ከሌለ ውሃ የሚወጣበት ብቸኛ መንገድ ትነት ነው። 4. ስለዚህ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ሁሉ ጨዋማ ይሆናል። ሐዋሳ ግን አልሆነም።"

ሦስተኛውን እዩት። ዶክተሩ እንደዛ አላሉም፣ እሷ ናት በራሷ የጨመረችው፣ ችግሩም ያለው እዛው ነው። ውሃ በትነት ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ ከታች በአለትና በደለል ውስጥ ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃ ሆኖም ይወጣል፣ እና የሚሰርገው ውሃ ጨዉን ይዞ ነው የሚሄደው። ስላይዱን ገልብጣ ቢሆን ኖሮ ይቺ ሦስተኛዋ መስመር አትታይም ነበር። ሰመሪውን ሳይ ያልኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የሰማሽውንና ራስሽ የደመደምሽውን ለይተሽ ጻፊ። እሷም 3ኛው ላይ "ይሄ የኔ ግምት ነው" ብላ ጨመረችበት፣ ሌላ ምንም አልነካንም።

ቀጣዩ ስህተት የጥያቄው አጠያየቅ ነው። "ልክ ነኝ?" ካላችሁ "አዎ፣ በርቺ" ትባላላችሁ፣ በተለይ ዶክተሩ መንገድ ላይ ሆነው በስልክ የሚያነቡት ከሆነ። አምስት ጥያቄ ከደረደራችሁ ደግሞ በጣም ቀላሉ ይመለስና ሌላው ይረሳል። አንድ ጥያቄ ይበቃል፣ እሱም ሁለት ነገር የሚለይ ይሁን። የልጅቷ ጥያቄ መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦ "ሐዋሳ ጨዋማ ያልሆነው ውሃው በሌላ መንገድ ስለሚወጣ ነው ወይስ የሚገባው ጨው በጣም ትንሽ ስለሆነ?" እንደዚህ ሲጠየቁ መምህር በሦስት መስመር መመለስ ይችላሉ፣ ምክንያቱም የትኛውን እንደሚመርጡ ያውቃሉ።

አክብሮቱ ላይ ብዙ አልልም። ለዶክተር እርስዎ እያላችሁ ጀምራችሁ መሃል ላይ "አንተ ያልከው" ውስጥ አትግቡ፣ ሲቸኩሉ ይመጣል። ማዕረጉን ከራሳቸው ስም ጋር ጻፉ፣ ከአባት ስም ጋር አይደለም፣ ፈረንጅ መምህር ከሆኑ ግን የመጨረሻውን ስም። ማስተርስ ያላቸውን ፕሮፌሰር ማለትም ማክበር አይደለም፣ እንዲያውም ያሸማቅቃል። "ደደብ ስለሆንኩ ይቅርታ" የምትሉትን ደግሞ ተዉት፣ ዶክተሩ መጀመሪያ እናንተን ማጽናናት ሊኖርባቸው ነው። በቴሌግራም የአራት ደቂቃ ቮይስ መላክ? በፍጹም።

ሌላው "እርስዎ ያሉት ከስላይዱ ጋር ይጋጫል" ማለት ነው። ሊጋጭ ይችላል፣ መምህርም ይሳሳታል፣ ግን "ስላይዱ ላይ እንዲህ ይላል፣ እኔ ደግሞ ክላስ ላይ እንዲህ ሰማሁ፣ የቱን እንደምይዝ ግራ ገባኝ" ካላችሁ ያው ነገር ያለ ጠብ ይነገራል፣ በደንብ ያልሰማው የናንተ ጆሮ ከሆነም መውጫ ይኖራችኋል።

መልስ ሲመጣ "እሺ አመሰግናለሁ" ብቻ ብሎ መዝጋትም ስህተት ነው፣ እንደገባችሁ በምን ይታወቃል? መልሱን በቁጥር ሞክራችሁ መልሳችሁ ላኩ። ልጅቷ ያደረገችው ይሄን ነበር፦ በዓመት 10 እጅ ውሃ ይግባ፣ እያንዳንዱ እጅ 1 ጨው ይያዝ፣ 8ቱ ይተን፣ 2ቱ ይስረግ። ጨዉ መጨመሩን የሚያቆመው የሚወጣው ጨው ከሚገባው 10 ጋር ሲተካከል ነው፣ ስለዚህ በሚሰርጉት 2 እጅ ውስጥ 10 ጨው መኖር አለበት፣ ማለትም የሐይቁ ውሃ ከወንዙ 5 እጥፍ ጨዋማ ሆኖ ይረጋል። የሚሰርገው 5 ከሆነ 2 እጥፍ ብቻ። ምንም ካልሰረገ ግን መቆሚያ የለውም፣ ጨዉ ጠጥሮ እስኪዘቅጥ ይቀጥላል። ቁጥሮቹ የፈጠረቻቸው ናቸው፣ ያንንም ጽፋላቸዋለች፣ ዶክተሩም "ትክክል፣ ግን ዝናብ በቀጥታ ሐይቁ ላይ የሚያመጣው ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፣ እሱን ጨምረሽ ሞክሪ" ብለው መለሱ።

በሳምንት ካልተመለሰላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ በዛው ኢሜይል ላይ ሪፕላይ አድርጋችሁ አስታውሱ፣ አዲስ አትጻፉ። ከዛ በኋላም ዝም ካሉ ደብዳቤውን ፕሪንት አድርጋችሁ ቢሮ በር ላይ በተለጠፈው የኮንሰልቴሽን ሰዓት ይዛችሁ ግቡ።