አንድ ስልክ፣ ሁለት ማዳመጫ

ሁለት ሰው ከአንድ ስልክ ፊልም ሲያይ የተለመደው ዘዴ አንዱ የቀኙን፣ ሌላው የግራውን ኢርፎን መሰካት ነው። ከምንም ይሻላል፤ ግን የቀኝና የግራው ድምፅ ስለሚለያይ ሁለቱም የሚሰሙት ግማሹን ነው።

ስልኩ የኢርፎን ቀዳዳ ካለው እኔ የምመርጠው ማከፋፈያ ሽቦ ነው። ቀዳዳ የሌለው ስልክ ላይ መጀመሪያ ከቻርጀር ቀዳዳው ጋር የሚገጥም የኢርፎን አስማሚ ይሰካል፣ ከዚያ ማከፋፈያው። ሲገዙ ሁለቱን ቀዳዳዎች ልብ ብለው ይዩ። አንዱ ላይ የማይክ፣ ሌላው ላይ የማዳመጫ ምልክት ካለ ተውት፤ እሱ ማይክን ለመለየት የተሠራ ስለሆነ ሁለተኛው ሰው ምንም አይሰማም። ሁለቱም ላይ የማዳመጫ ምልክት መኖር አለበት።

መጀመሪያ ድምፁን ይቀንሱ፣ ሁለቱንም ማዳመጫ ይሰኩ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ የሚነሳው፤ የድምፅ መቆጣጠሪያው የጋራ ነው። ለምሳሌ የአንዱ ማዳመጫ የኤሌክትሪክ መቋቋም 16 ኦም፣ የሌላው 32 ኦም ይሁን። ከስልኩ የሚደርሳቸው ቮልቴጅ እኩል ስለሆነ ባለ 16ቱ እጥፍ ኃይል ይወስዳል። ሌላው ነገራቸው ከተመሳሰለ፣ ባለ 16ቱ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ባለ 32ቱ «ጨምር» ሲል ለሌላው ይበዛበታል። መፍትሔው ከፍ ብሎ ለሚሰማው ሰው ሽቦው ላይ የራሱ የድምፅ መቀነሻ ያለው ማዳመጫ መስጠት ነው።

ብሉቱዝ ከሆነ ጉዳዩ በስልኩ ይወሰናል። ብዙ ስልክ ሙዚቃ የሚልከው ለአንድ ማዳመጫ ብቻ ነው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ላይ ሁለቱንም በየተራ ያገናኙ፣ የላዩን መጋረጃ ስበው Media output የሚለውን ይጫኑ፣ ሁለቱንም ይምረጡ። ቆየት ባሉት ላይ በብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ Dual audio ተብሎ ይገኛል። አይፎን ላይ Share Audio አለ፤ ከአይፎን 8 ጀምሮ ይሠራል፣ ግን ለኤርፖድስና ለአንዳንድ የቢትስ ማዳመጫዎች ብቻ። ጥሩነቱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ድምፁን ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል።

ማዳመጫዎቹ የተለያየ ሞዴል ከሆኑ አንዱ ከሌላው ሊዘገይ ይችላል። ለማወቅ፣ ፊቱ ቀርቦ የሚናገር ሰው ያለበት ቪዲዮ ከፍተው ተራ በተራ ያዳምጡ። ለአንደኛው ድምፁ ከከንፈሩ ኋላ ከቀረ፣ ለሙዚቃ ብዙ አይጎዳም፤ ለፊልም ግን ወደ ሽቦው መመለስ ወይም ሁለት አንድ ዓይነት ማዳመጫ መጠቀም ይሻላል።

ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ፤ ማዳመጫው ላይ «መልቲፖይንት» የሚል ካዩ እሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንድን ማዳመጫ ከሁለት ስልክ ጋር ያገናኛል። ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ላይ ያለው አውራካስት ግን አንዱን ድምፅ ለብዙ ማዳመጫ የሚያሰራጭ የብሉቱዝ ዘዴ ስለሆነ ከሁለት ሰውም በላይ ያስተናግዳል፣ ስልኩም ማዳመጫዎቹም በሙሉ የሚደግፉት ከሆነ።