ሲኤንሲ እንግዛ ወይስ ውጭ እናሰራ? ሂሳቡ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ማሽን ለመግዛት እያሰባችሁ ያላችሁ ወርክሾፖች ካላችሁ ይሄን እዩት፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው የሚሳሳተው። ለምሳሌ ያህል በአመት 2,000 ሻፍት ውጭ ታሰራላችሁ እንበል፣ ብረቱ የናንተ ሆኖ የእጅ ዋጋው በፍሬ 1,500 ብር፣ በአመት 3 ሚሊዮን ማለት ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዘው የመቁረጫ ማሽን፣ ሲኤንሲው፣ ደግሞ 6 ሚሊዮን ነው።

1. ውጭ የሚከፈለውን በሙሉ እንደ ቁጠባ መቁጠር

"6ን ለ3 ስናካፍለው በ2 አመት ይመልሳል" ይባላል። ግን ማሽኑ ቤት ሲገባ ኦፐሬተር ይፈልጋል፣ ብረቱን የሚቆርጠው ኢንሰርት ያልቃል፣ መብራትና ጥገናም አለ። በፍሬ 300 ብር እና በአመት ቋሚ 600 ሺህ ብር ቢወጣ ጠቅላላው 1.2 ሚሊዮን ነው፣ ስለዚህ በትክክል የምትቆጥቡት 1.8 ሚሊዮን ብቻ ነው። ግዢው ላይም ስታቢላይዘር፣ ኮምፕረሰር፣ ተከላና መጀመሪያ የሚገዛው ቱል 1 ሚሊዮን ቢጨምር 7 ሚሊዮን ሆነ። ፔይባኩ፣ ማለትም ያወጣነው ብር የሚመለስበት ጊዜ፣ ከ2 አመት ወደ 3.9 ሄደ! የእርጅና ቅናሽን ግን እዚህ ውስጥ እንደ ወጪ እንዳትቀንሱት፣ የማሽኑን ዋጋ መጀመሪያ ላይ ስለቆጠራችሁት ሁለቴ መቁጠር ይሆናል።

2. ፔይባክ ላይ ማቆም

ማሽኑን 5 አመት ከሰራንበት 3.9 ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን ፔይባክ የዛሬን ብርና የአራተኛ አመቱን ብር እኩል ነው የሚያየው። የወደፊቱን ብር በአመት በ20 ፐርሰንት እየቀነስን ወደ ዛሬ ስናሰላው የአምስቱ አመት ቁጠባ ዛሬ 5.38 ሚሊዮን ነው የሚያወጣው፣ መጨረሻ ላይ ማሽኑ 2.5 ሚሊዮን ቢሸጥ እሱም ዛሬ 1 ሚሊዮን ገደማ ነው። ድምሩ 6.39፣ ያወጣነው 7፣ ስለዚህ ልዩነቱ፣ ኔት ፕረዘንት ቫሊው የሚባለው፣ ኔጌቲቭ 610 ሺህ ብር አካባቢ ነው። በዚህ ስራ መጠን ውጭ ማሰራቱ ይሻላል።

3. ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ምርት ማሰብ

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ከላይ ባለው ሂሳብ በአመት ወደ 2,170 ፍሬ ሲደርስ ማሽኑ ያዋጣል፣ 2,500 ከሆነማ ፖዘቲቭ 1.18 ሚሊዮን ነው። ግን መጀመሪያ አመት ኦፐሬተሩ ፕሮግራሙን እስኪለምድ፣ ፍሬ እየተበላሸ፣ መለዋወጫ እየተጠበቀ 1,200 ብቻ ቢወጣ፣ ቀሪዎቹ አራት አመታት 2,500 ቢሆኑም እንኳ ኔጌቲቭ 120 ሺህ ይሆናል። የመጀመሪያው አመት ብር ብዙም ስለማይቀነስ ነው እንደዚህ የሚጎዳው። የመጀመሪያውን አመት ለብቻው አስሉት።

4. የዋጋ ንረትን ግማሹ ላይ ብቻ ማስገባት

20 ፐርሰንቱ የባንክ ወለድ ከሆነ ንረት ውስጡ አለ። ታዲያ የእጅ ዋጋውን አምስት አመት ሙሉ 1,500 ላይ አስሮ በዚህ ሬት መቀነስ ማሽኑን ያለአግባብ ያስወድቀዋል፣ ምክንያቱም ውጭ የሚሰሩላችሁ በየአመቱ ዋጋ ይጨምራሉ። ወይ የእጅ ዋጋውንም ደሞዙንም ቱሉንም በየአመቱ አሳድጋችሁ 20ውን ተጠቀሙ፣ ወይ ሁሉንም በዛሬ ዋጋ ትታችሁ ንረት የወጣለት ዝቅ ያለ ሬት ያዙ። በውጭ ምንዛሬ የሚገዛው ኢንሰርትና መለዋወጫ ግን ከደሞዙ በተለየ ፍጥነት ሊጨምር ስለሚችል እሱን ለብቻው መስመር ስጡት።