ፍላጎት ሲለያይ፦ በቆየ ትዳር ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃያ ዓመት አብረው ከኖሩ ባልና ሚስት አንደኛው ቶሎ ቶሎ መቀራረብ ቢፈልግ፣ ሌላው ደግሞ አልፎ አልፎ ቢበቃው የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። የእንቅልፍ ሰዓታቸውም እኩል አይደለም። ልዩነቱ ብቻውን ትዳር አያፈርስም። ችግሩ ያለው አያያዙ ላይ ነው፤ ከስህተቶቹ ሁሉ ደግሞ ደጋግሞ የሚታየው የሚከተለው ነው።

ማቀፍን ሁሉ የአልጋ ጥያቄ ማድረግ

ደብረ ብርሃን ላይ የሚኖሩ፣ ከተጋቡ 22 ዓመት የሆናቸው ጥንዶች አሉ እንበል። እሱ በደሴ መንገድ አይሱዙ ይነዳል፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት ውጭ ያድራል። እሷ ሱቅ ውላ ማታ ወጥ ትሠራለች። ከመንገድ ሲገባ ከኋላዋ መጥቶ ወገቧን ያቅፋታል። እሷ መታቀፉን አልጠላችም፤ ግን «አሁን ዝም ካልኩ ማታ ሌላ ነገር ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ደክሞኛል» ብላ ታስባለችና እጁን አንስታ ወደ ድስቱ ትዞራለች። እሱ የድካሟን ሐሳብ አይሰማም። የሚያየው የተነሣውን እጁን ነው፤ «ጠልታኛለች» ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞና አጥብቆ ይጠይቃል፤ እሷም ቀድማ ትከላከላለች። ዓመት ሳይሞላ ሲሰነባበቱ መሳሳም ይቀራል፤ ቴሌቪዥን ሲያዩም አንዱ ወንበር ላይ፣ ሌላው አልጋ ላይ ይሆናሉ። እሱ የፈለገውን አላገኘም፤ እሷም ትወደው የነበረውን እቅፍ አጣች።

ጾታው የተገላቢጦሽ የሚሆንባቸው ቤቶችም ጥቂት አይደሉም። ፍላጎቱ የቀነሰ ወንድ «ወንድ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው» የሚለውን ሰምቶ ስላደገ አይናገርም፤ ሚስቱ እስክትተኛ ውጭ ያመሻል። እሷም ሌላ ሴት ያለ ይመስላታል።

መፍትሔው ንክኪን ከግንኙነት ለይቶ ለጊዜው ለብቻው መለማመድ ነው። ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1970 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት መንገድ እስከ ዛሬ በምክር አገልግሎት ይሠራበታል። ከላይ ላሉት ጥንዶች እንዲህ ይሆናል። እሱ ቤት ከሚያድርባቸው ሌሊቶች ሁለቱን ይመርጣሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ግንኙነት እንደማይኖር በግልጽ ይስማማሉ። ሁለቱም ቢፈልጉ እንኳ አይኖርም። አንዱ ለ15 ደቂቃ ይዳብሳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ጀርባ፣ ትከሻ፣ እጅ፣ ራስ፣ እግር ይነካል፤ ጡትና ብልት አይነካም። የሚዳብሰው ለማስደሰት አይጣጣርም፤ ሐሳቡን ከእጁ ሥር ባለው ሙቀትና ልስላሴ ላይ ያደርጋል። የሚቀበለው አንድ ሥራ ብቻ አለው፦ የማይመች ነገር ካለ «እዚህ ይቅር» ማለት።

ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ልብስ ማውለቅ ግድ አይደለም። ጋቢ ወይም ባና ደርቦ ከሥሩ ጀርባ መዳበስ ይቻላል። መጀመሪያ በሙቅ ውኃ እግር መተጣጠብ ደግሞ ለሚያፍሩ ሰዎች ከሁሉ ይቀላል፤ ልማዱ ስላለ እንግዳ አይሆንባቸውም። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ግን የሞት ነገር ነው፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ሁለቱም ሲነካኩ ሰውነታቸው መወጠሩን ሲተው ጡትና ብልት ይጨመራሉ፤ እዚህም ላይ ግንኙነት ገና አይፈቀድም። ግንኙነቱ የሚመጣው ይህ ደረጃም ያለ ጭንቀት ሲሆን ነው። አብዛኞቹ የሚሰናከሉት እዚህ ጋ ነው፦ አንድ ምሽት ጥሩ ይሆንና «ዛሬማ እንለፈው» ይባላል። ፍላጎቱ ያነሰው ሰው ስምምነቱ እንደማይጠበቅ ያኔ ይማራል። ምልክቱም ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳይታሰብ ሥራ ይበዛል፣ ራስ ይታመማል፣ እንቅልፍ ቶሎ ይመጣል። ይህን ካዩ አይቆጡ፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ይጀምሩ።

አንዱ ሌላውን የሚፈራ ከሆነ፣ ዱላ ወይም ማስገደድ ካለ ይህ ልምምድ አይሠራም። ያኔ የሚቀድመው ደኅንነት ነው።

ፍላጎት ቀድሞ እስኪመጣ መጠበቅ

ካናዳዊቷ ሐኪም ሮዝሜሪ ባሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ በተለይ በቆየ ትዳር ውስጥ ያሉ ብዙ ሴቶች ፍላጎታቸው የሚነሣው መቀራረቡ ከተጀመረ በኋላ ነው። ወንዶችም ላይ ይታያል። ስለዚህ «ራሴ አስቤ አላውቅም፤ በቃ ሞቷል» ማለት ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «አሁን አማረኝ ወይ?» ሳይሆን «ጎኑ ልተኛና ልይ፣ ካልመጣልኝም ማቆም እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። የማቆሙ መብት እውነተኛ ካልሆነ ሐሳቡ በሙሉ ይበላሻል። ፈቃድ ሳይኖር ወይም እያመመ «ግዴታዬ ነው» ብሎ መፈጸም ሰውነት መቀራረብን እንዲሸሽ ያስተምረዋል።

የፋሲካን ሌሊት መጠበቅ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሩካቤ ይታቀባል። ስህተቱ መታቀቡ አይደለም። ከሩካቤ ጋር ጨዋታውም፣ አጠገብ መቀመጡም፣ «እንዴት ዋልሽ»ም አብረው መጾማቸው ነው። ከዚያ የሁለት ወር ጉጉት በአንድ ሌሊት ላይ ይከመራል። ሚስት ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ፣ ዶሮ ስትገነጥል ውላ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆማ፣ ሲነጋጋ ገድፋ ዓይኗ አይከፈትም። ያን ዕለት ብትተኛ ፊት መንሣት አይደለም። ቀጠሮውን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማታ ያድርጉት፤ የዶሮውን ሥራም ይካፈሉ። በጾም ወራት ምን ያህል መቀራረብ እንደሚገባ ጥርጣሬ ካለ ሁለቱም አብረው የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፤ አንዱ ብቻውን ጠይቆ መልሱን እንደ ዱላ ይዞ ከመጣ ግን ሌላ ጠብ ነው።

«አይሆንም» ብሎ ጀርባ መስጠት

መቼ እንደሚሆን ተናግረው እምቢ ይበሉ፦ «ዛሬ ደክሞኛል፣ እቀፈኝና እንተኛ፤ ቅዳሜ ልጆቹ ሲወጡ።» ቅዳሜውን የሚያስታውስ ደግሞ እምቢ ያለው ሰው ይሁን። የተጠየቀው ቅዳሜን ከረሳ ቃሉ ዋጋ ያጣል።

ኩርፊያ

ለሦስት ቀን የሚያኮርፍ ሰው ፍላጎት ሲጨምር አይቶ አያውቅም።

የሰውነትን ለውጥ የፍቅር ማነስ ማድረግ

የወር አበባ የሚቆምበት ዕድሜ በአማካይ 50 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ በብዙ ሴቶች ላይ ብልት ይደርቃል፣ ይሳሳል፣ ግንኙነት ያማል፤ ከሚያሳምም ነገር መሸሽ ደግሞ ተፈጥሮ ነው። ከፋርማሲ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ መጠየቅ ያሳፍራል ብለው ቅቤና ቫዝሊን የሚጠቀሙ አሉ። ለጀርባ መዳበሻ ችግር የለውም፤ ኮንዶም ላይ ግን ሁለቱም ላስቲኩን ያዳክሙታል። ማለስለሻው ካልበቃ ሐኪም በቦታው የሚቀባ የሆርሞን ክሬም ሊያዝ ይችላል።

ወንዶች ላይ ስኳርና ደም ግፊት የብልትን መቆም ያዳክማሉ፤ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ። ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ደግሞ የወንድንም የሴትንም ፍላጎት ይቀንሳሉ። ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይገባም። መድኃኒቱን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄደው «ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ፍላጎቴ ቀንሷል፤ የሚቀየር አለ?» ማለት ይበቃል። ከጓደኛ የሚገኘውን የወንድ ክኒን ደግሞ፣ ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፈጽሞ አይሞክረው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳሉ።