በፑሽ-ፑል ማጉያ ውስጥ የዜሮ መሻገሪያ መዛባትን በሁለት ዳዮዶች ማስተካከልና ቅልጥፍናውን ማስላት

ድምፁ ከፍ ሲደረግ ጥርት ብሎ የሚጫወት፣ ሲቀነስ ግን የሚሻክር ማጉያ ካጋጠማችሁ፣ ስፒከሩን ከመክሰሳችሁ በፊት መውጫው ላይ ያሉትን ሁለት ትራንዚስተሮች ተመልከቱ። በፑሽ-ፑል አሠራር አንዱ ትራንዚስተር የሞገዱን የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ግማሽ ይሸከማል። ችግሩ የሚፈጠረው ሥራውን በሚረካከቡበት ቅጽበት፣ ማለትም ሞገዱ ዜሮን ሲሻገር ነው። መዛባቱ ክሮስኦቨር ዲስቶርሽን ይባላል። እዚህ መጀመሪያ ሆን ብለን እናመጣዋለን፤ ከዚያ እናጠፋዋለን፤ በመጨረሻም የማጥፊያውን ዋጋ እናሰላለን።

የሚያስፈልጉት TIP31C የተባለው ኤንፒኤን እና TIP32C የተባለው ፒኤንፒ ትራንዚስተር፣ ሁለት 1N4007 ዳዮዶች፣ ሁለት የ1 ኪሎኦም እና ሁለት የ0.47 ኦም ሬዚስተሮች፣ በስፒከር ፈንታ 8 ኦም የሆነ የ10 ዋት ሬዚስተር፣ እንዲሁም +12 እና −12 ቮልት የሚሰጥ፣ ከረንቱ የሚገደብ የኃይል ምንጭ ናቸው። ሲግናል ጄኔሬተርና ኦሲሎስኮፕም ያስፈልጋሉ።

1. መዛባቱን ማየት

የTIP31Cን ኮሌክተር ከ+12፣ የTIP32Cን ኮሌክተር ከ−12 ቮልት ጋር አገናኙ። ሁለቱን ኤሚተሮች እያንዳንዳቸውን በ0.47 ኦም ሬዚስተር አሳልፋችሁ በአንድ ነጥብ አጋጥሟቸው፤ ይህ መውጫው ነው። ባለ 8 ኦሙን ሬዚስተር ከመውጫው ወደ ግራውንድ አስገቡ። ሁለቱን ቤዞች ለጊዜው በቀጥታ አያይዛችሁ 1 ኪሎኸርዝ የሆነ፣ ጫፉ 1 ቮልት የሚደርስ ሳይን ሞገድ ስጧቸው።

ኦሲሎስኮፑ ላይ የሚታየው ሳይን ሞገድ አይመስልም። ጫፉ 0.4 ቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ በየመሻገሪያው ደግሞ መስመሩ ዜሮ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ምክንያቱም ትራንዚስተሩ በቤዙና በኤሚተሩ መካከል 0.6 ቮልት ያህል እስኪያገኝ ድረስ አይከፈትም። መግቢያው ከ−0.6 እስከ +0.6 ቮልት ባለበት ጊዜ ሁሉ ሁለቱም ዝግ ናቸው።

1 ቮልት ጫፍ ያለው ሳይን ሞገድ 0.6 ቮልት ላይ የሚደርሰው በ37 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ በአንድ ዑደት አራት ጊዜ ስለሚደጋገም፣ ከ360 ዲግሪው 148ቱ፣ ማለትም 41 በመቶው ባዶ ነው። የሞገዱ ጫፍ 10 ቮልት ቢሆን ግን ባዶው ክፍል ከ4 በመቶ በታች ይወርዳል። ዝቅ ያለው ድምፅ የሚጎዳው፣ ከፍ ያለው የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ዳዮዶቹን ማስገባት

ኃይሉን አጥፉና ቤዞቹን ለያዩ። ሁለቱን ዳዮዶች በተከታታይ በቤዞቹ መካከል አስገቡ፤ ቀለበት ያለበት ጫፋቸው ወደ TIP32C ይዙር። ከ+12 ቮልት ወደ TIP31C ቤዝ አንዱን፣ ከTIP32C ቤዝ ወደ −12 ቮልት ሌላውን የ1 ኪሎኦም ሬዚስተር አድርጉ። ሲግናሉ በዳዮዶቹ መካከል ይገባል። አሁን በዳዮዶቹ ውስጥ 11 ሚሊአምፒር ያህል ሁልጊዜ ያልፋል፤ እነሱም ቤዞቹን በ1.3 ቮልት ገደማ አራርቀው ይይዟቸዋል። ትራንዚስተሮቹ ሲግናል ሳይመጣ በፊት በሩን ገርበብ አድርገው ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ከማብራታችሁ በፊት የዳዮዶቹን አቅጣጫና ብየዳቸውን ደግማችሁ አረጋግጡ። አንዱ ቢገለበጥ ወይም ብየዳው ቢላቀቅ፣ በሬዚስተሮቹ የሚመጣው 11 ሚሊአምፒር በሙሉ ወደ ቤዞቹ ይገባል፤ ሁለቱም ትራንዚስተሮች በአንድ ጊዜ ተከፍተው የኃይል ምንጩን በእነሱ በኩል ያጋጥሙታል። ስለዚህ የከረንት ገደቡን 300 ሚሊአምፒር ላይ አድርጉና ያለ ሲግናል አብሩ።

በአንዱ የ0.47 ኦም ሬዚስተር ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። ከ5 እስከ 10 ሚሊቮልት ከሆነ ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፒር ያልፋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ወደ 50 ሚሊቮልት ከተጠጋ ዳዮዶቹ ከሚገባው በላይ ከፍተዋልና ሬዚስተሮቹን በ1.5 ወይም በ2.2 ኪሎኦም ተኩ። የዳዮዱና የትራንዚስተሩ ቮልቴጅ ፈጽሞ አንድ ስላልሆነ፣ በስሌት ብቻ ተማምኖ መለካትን መተው አያዋጣም። ሲግናሉን ስትመልሱ መተኛቱ ጠፍቶ ለስላሳ ሞገድ ማየት አለባችሁ። መሻገሪያው ላይ ትንሽ እጥፋት ከቀረ የዳዮዶቹ ከረንት አንሷል።

ዳዮዶቹን ከትራንዚስተሮቹ ማቀዝቀዣ ብረት ጋር አስጠግታችሁ አጣብቁ። ትራንዚስተሩ በሞቀ ቁጥር የሚከፈትበት ቮልቴጅ በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። ዳዮዶቹ አብረው ካልሞቁ ከረንቱ እየጨመረ፣ ሙቀቱም ከረንቱን እየተከተለ ትራንዚስተሩ እስኪቃጠል ሊሄድ ይችላል። የ0.47 ኦም ሬዚስተሮቹ ይህን ያረግባሉ እንጂ የዳዮዶቹን ቦታ አይተኩም።

3. ሙሉ ማወዛወዝ ላይ መድረስ

ብዙ ጽሑፎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር 12 ቮልት አካባቢ መድረስ አይቻልም። የላይኛው ዳዮድ ከረንትን ወደ ቤዙ ስለማያስተላልፍ የTIP31C ቤዝ የሚመገበው በሬዚስተሩ ብቻ ነው፤ መውጫው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ይመናመናል። የትራንዚስተሩ ማጉላት 50 ቢሆን፣ የምግቡና የፍላጎቱ ሚዛን የሚገኘው እዚህ ነው፦

```
(12 − 0.7 − V) / 1000 = V / (8 × 50)
V ≈ 3.2 V
```

ከ3.2 ቮልት በላይ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። መፍትሔው እያንዳንዱን የ1 ኪሎኦም ሬዚስተር በሁለት ተከታታይ የ150 ኦም ሬዚስተሮች መተካትና ከመውጫው ወደ መካከላቸው 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማድረግ ነው። በላይኛው በኩል የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ ሬዚስተሮቹ፣ በታችኛው በኩል ወደ መውጫው ይሁን። መውጫው ሲወጣ የሬዚስተሮቹ መጋጠሚያም አብሮ ስለሚወጣ የቤዙ ምግብ 38 ሚሊአምፒር አካባቢ ይቆያል። ከረንቱ ስለጨመረ 0.47 ኦሙ ላይ ያለውን ቮልቴጅ እንደገና ለኩ።

4. ቅልጥፍናውን ማስላት

በመጀመሪያ ትራንዚስተሮቹ ምንም ሳያስቀሩ ሞገዱን እስከ 12 ቮልት ያደርሱታል ብለን እናስብ፦

```
Pout = 12² / (2 × 8) = 9 W
Idc  = 12 / (π × 8) = 0.477 A
Pin  = 2 × 12 × 0.477 = 11.46 W
η    = 9 / 11.46 = 78.5 %
```

Idc እያንዳንዱ የኃይል መስመር በአማካይ የሚሰጠው ከረንት ነው፤ ግማሹን ዑደት ብቻ ስለሚሠራ π ገባች። 78.5 በመቶው የዚህ አሠራር ጣሪያ ነው።

በተግባር ከየጫፉ 1.5 ቮልት ያህል ይቀራል እንበል። በ10.5 ቮልት ጫፍ መውጫው 6.89 ዋት፣ ከምንጩ የሚወሰደው 10.03 ዋት፣ ቅልጥፍናው 68.7 በመቶ ነው። የዳዮዶቹ መስመር ደግሞ 38 ሚሊአምፒር በ24 ቮልት፣ ማለትም 0.91 ዋት ይበላል። እሱ ሲጨመር ቅልጥፍናው ወደ 63 በመቶ ይወርዳል። ለዝቅተኛው ድምፅ ጥራት የሚከፈለው ይህ ነው፤ እኔ ሳልከራከር እከፍለዋለሁ።

ማቀዝቀዣውን ስትመርጡ ግን የሙሉ ድምፁን ስሌት አትጠቀሙ። ጫፉ 12 ቮልት ሲሆን እያንዳንዱ ትራንዚስተር ወደ ሙቀት የሚቀይረው 1.23 ዋት ብቻ ነው። ትልቁ ሙቀት የሚመጣው ጫፉ 2 × 12 / π፣ ማለትም 7.6 ቮልት ላይ ሲሆን ነው፤ ያኔ 1.82 ዋት ይደርሳል፣ ቅልጥፍናውም 50 በመቶ ይሆናል። TIP31C ያለ ማቀዝቀዣ በየዋቱ 62.5 ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ውስጡ 139 ዲግሪ ይደርሳል። የሚችለው እስከ 150 ነው።