የነፃነት ዲግሪ ቆጠራ ከመለኪያው ንባብ ጋር ሲጋጭ፦ ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ በአንድ የፊዚካል ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የውሃን የእንፋሎት ግፊት የመለካት ሙከራ ለብዙ ዓመታት አሠርቻለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ስሕተት በየሴሚስተሩ እየተመለሰ መጥቶብኛል። ተማሪዎቹ የፌዝ ሕጉን በቃላቸው ያውቁታል፤ በወረቀት ላይም በትክክል ይቆጥሩበታል። ችግሩ የሚመጣው በጥያቄው ላይ የተጻፈውን ቆጥረው፣ ፍላስኩ ውስጥ ያለውን ሳይቆጥሩ ሲቀሩ ነው።

```
F = C - P + 2
```

C የኮምፖነንቶች ቁጥር ነው፤ ኮምፖነንት ማለት ፍላስኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለመግለጽ የሚያስፈልግ ራሱን የቻለ ነገር ነው። P የፌዞች ቁጥር ነው፤ ፌዝ ማለት እንደ ጠጣር፣ ፈሳሽ ወይም ጋዝ ከሌላው ተለይቶ ያለ ወጥ ክፍል ነው። F ደግሞ የነፃነት ዲግሪ ነው፤ ይኸውም አንድም ፌዝ ሳይጠፋና ሳይጨመር እኛ እንደ ፈቀድን ልንለዋውጣቸው የምንችላቸው፣ እንደ ሙቀት፣ ግፊትና የድብልቅ ድርሻ ያሉ መጠኖች ቁጥር ነው። ንጹሕ ውሃ በአንድ ፌዝ 2፣ በሁለት ፌዝ 1፣ በሦስት ፌዝ 0 የነፃነት ዲግሪ አለው። የሚከተለው ሁሉ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከመለኪያው ጋር አልስማማ ሲሉ ምን ማየት እንደሚገባ የሚናገር ነው።

ምልክት፦ ሙቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ግፊቱ በየጊዜው ይለያያል

ከአሥር ችግሮች ስምንቱ ይህ ነው ብል ከልምዴ አልራቅሁም። አንድ ጊዜ ሦስት ቡድኖች በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ባለ አንድ ሊትር ፍላስክ፣ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለኩ። የመጀመሪያው ቡድን 141 ኪሎፓስካል፣ ሁለተኛው 114፣ ሦስተኛው 48 አገኘ። ሦስቱም በደብተራቸው ላይ «C = 1፣ P = 2፣ ስለዚህ F = 1» ብለው ጽፈዋል። F አንድ ከሆነ ሙቀቱን 80 ላይ ካቆምነው በኋላ ሌላ የምንመርጠው ነገር የለም፤ ግፊቱ በራሱ 47.4 ኪሎፓስካል ላይ መቆም ነበረበት። ያን ዕለት ጥፋቱ በመለኪያው ላይ ተላከከና ሁለት ጊዜ ተቀየረ። የተቀየረው መለኪያም ያንኑ አነበበ።

መለኪያው ልክ ነበር። የመጀመሪያው ቡድን ውሃውን ጨምሮ ፍላስኩን የዘጋው በ25 ዲግሪ፣ በክፍሉ አየር ውስጥ ነው። የአዳማ ከፍታ ወደ 1,700 ሜትር ስለሆነ የክፍሉ ግፊት 82.5 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 3.2ቱ የውሃው እንፋሎት ሲሆን ቀሪው 79.3 አየር ነው። ያ አየር ተዘግቶበት ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ግፊቱ 93.9 ይደርሳል፤ የእንፋሎቱ 47.4 ሲጨመርበት 141.3 ይሆናል። ሁለተኛው ቡድን ፍላስኩን የዘጋው ውሃው 60 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ነበር። በዚያ ሙቀት እንፋሎቱ ራሱ 19.9 ኪሎፓስካል ያህሉን ስለሚይዝ የታሰረው አየር ያንሳል፤ ስሌቱን በዚያው መንገድ የሚሠራ ሰው 114 ያገኛል። ሦስተኛው ቡድን ግን አፍልቶ፣ አየሩን በእንፋሎት አስወጥቶ ነበር የዘጋው።

ስለዚህ የሁለቱ ቡድኖች ትክክለኛ ቆጠራ እንዲህ ነው፦ ውሃና አየር ሁለት ኮምፖነንቶች ናቸው፤ ፈሳሹና ጋዙ ሁለት ፌዞች ናቸው፤ F = 2 - 2 + 2 = 2 ይሆናል። (አየር ራሱ ድብልቅ ቢሆንም እዚህ የውስጥ ስብጥሩ የማይለዋወጥ ስለሆነ እንደ አንድ ኮምፖነንት መቁጠሩ ይበቃል።) ሙቀቱ ቢቆምም አንድ ነፃ መጠን ይቀራል፤ ያም በጋዙ ውስጥ ያለው የአየር ድርሻ ነው። ቡድኖቹ ሳያውቁት ያንን ነፃ መጠን የመረጡት ፍላስኩን በዘጉበት ቅጽበት ነው።

መፍትሄው አየሩን ማስወጣት ነው። ቫልቩን ከፍታችሁ ውሃውን በኃይል አፍሉ፤ እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ መውጣት ከጀመረ በኋላም ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ መጀመሪያ ማሞቂያውን አጥፉና ፍላስኩን ከላዩ አንሡ፤ ቫልቩንም ወዲያው ዝጉ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ቫልቩን ዘግቶ ማሞቂያውን ለማጥፋት የዘገየ ተማሪ በዝግ ዕቃ ውስጥ እንፋሎት እያመረተ ነው። እንዲህ በሆነበት አንድ ቀን የጎማው ውታፍ ተፈናጥሮ ኮርኒሱን መታ፤ የፈላው ውሃ ደግሞ የአንዲት ተማሪን የእጅ አንጓ ላጠው። መነጽር ሳታደርጉ አትቅረቡ። ጠፍጣፋ ታች ያለው ስስ ፍላስክ ውስጡ አየር አልባ ሲሆን ወደ ውስጥ ሊሰበር ስለሚችል፣ ክብ ታች ያለውንና ያልተጫረውን ብቻ ተጠቀሙ።

አየሩ መውጣቱን የምታረጋግጡት በማቀዝቀዝ ነው። ፍላስኩ ወደ 25 ዲግሪ ሲመለስ ግፊቱ 3.2 ኪሎፓስካል አካባቢ ከወረደ F በእርግጥ 1 ሆኗል ማለት ነው። 20 ወይም 80 ላይ ከቆመ አየር አለ፤ ከ3.2 በላይ ያለው ሁሉ የአየሩ ድርሻ ነው። ቀጥሎ ፍላስኩን እስከ ማግሥቱ አቆዩት። የደረቀና የተሰነጣጠቀ የጎማ ውታፍ ሌሊቱን አየር ያስገባል፤ ማታ 1 የነበረው F ጠዋት ተመልሶ 2 ይሆናል። ለሌላው ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ በመጨረሻ ለውታፍ የሚሰሰትበት ምክንያት ፈጽሞ አይገባኝም፤ በአንድ ርካሽ ውታፍ የተነሣ የሁለት ሳምንት ውጤት ተጥሎ አይቻለሁና።

እዚህ ላይ ስለ መለኪያው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በብዛት የሚሸጠው ዓይነት መለኪያ የሚያሳየው ከክፍሉ ግፊት ያለውን ልዩነት ነው። ከመጽሐፍ ላይ 101.3 ወስዳችሁ ከደመራችሁበት አዳማ ላይ ወደ 19 ኪሎፓስካል የሚጠጋ ስሕተት ታስገባላችሁ፤ ያንንም የአየር ቅሪት ነው ብላችሁ ስትፈልጉት ትውላላችሁ። የዕለቱን የክፍል ግፊት በባሮሜትር ለኩና እሱን ደምሩ። ባሮሜትር ከሌለ ንጹሕ ውሃ በክፍት ዕቃ አፍሉ፤ ሲፈላ ሁለት ፌዝ ነውና የሚፈላበት ሙቀት ግፊቱን ይነግራችኋል። እዚህ ከ94 ዲግሪ ትንሽ አልፎ ይፈላል።

ምልክት፦ ከአንድ ሙቀት በላይ ግፊቱ መጨመሩን ያቆመ ይመስላል

ይህ የሚሆነው ፈሳሹ ሲያልቅ ነው። ፈሳሽ እስካለ ድረስ ከ80 ወደ 90 ዲግሪ ስትሄዱ ግፊቱ ከ47.4 ወደ 70.2 ይዘላል፤ ግማሽ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ፈሳሹ ካለቀ ግን የቀረው አንድ ፌዝ ብቻ ነው፤ በዚያው የ10 ዲግሪ ልዩነት ግፊቱ የሚጨምረው ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነው። F ከ1 ወደ 2 ሆኗል፤ ግፊቱ አሁን በሙቀቱ ብቻ አይወሰንም፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም እንፋሎት እንዳለም ይወሰናል። ሁለት ግራም ውሃ ለባለ አንድ ሊትር ፍላስክ ከበቂ በላይ ነው። ሲያፈሉ ረስተው ከሞላ ጎደል ያደረቁት ተማሪዎች ግን 0.2 ግራም ያህል አስቀርተው ያውቃሉ፤ ያ ደግሞ 70 ዲግሪ ላይ ያልቃል። ዓይናችሁን ፍላስኩ ታች ላይ አድርጉ፤ ጠብታ ካልታየ P = 2 ብላችሁ አትጻፉ።

ምልክት፦ ሦስት ፌዝ አለ፣ F = 0 ተብሏል፣ ግፊቱ ግን 82.5 ነው

በክፍት ብርጭቆ ውስጥ በረዶና ውሃ አለ፤ ከላይ እንፋሎት አለ። ተማሪው ሦስት ፌዝ ቆጥሮ «ይህ የውሃ ሦስትዮሽ ነጥብ ነው፣ ግፊቱ 0.611 ኪሎፓስካል፣ ሙቀቱ 0.01 ዲግሪ ነው» ይላል። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ገደማ ስለሚያነብ ተማሪው ልክ የሆነ ይመስለዋል፤ ስሕተቱ ለረጅም ጊዜ የሚደበቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ብርጭቆው ላይ የተጫነው ግፊት ከዚያ ከመቶ ሠላሳ ጊዜ በላይ ይበልጣል። አየሩ ሲቆጠር C = 2፣ P = 3፣ F = 1 ነው። ያችን አንዲት ነፃነት የአዳማ አየር ግፊት ወስዷታል፤ ሙቀቱ በዜሮ አካባቢ የቆመው በዚህ የተነሣ ነው። አዳማ ላይና ባሕር ጠለል ላይ ባለው የበረዶ ነጥብ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 0.002 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ የእኛ ቴርሞሜትር አያየውም።

እውነተኛውን F = 0 ለማየት ያንኑ አየር ያለቀበትን ፍላስክ በረዶና ጨው ውስጥ አስቀምጡት። ውሃው መርጋት ሲጀምር ሙቀቱ 0.01፣ ግፊቱ 0.611 ላይ ይቆማሉ፤ ሦስቱም ፌዞች እስካሉ ድረስ ብታቀዘቅዙትም አይነቃነቁም። የምታስወጡት ሙቀት የሚለውጠው የበረዶውን ብዛት ነው፤ ብዛት ደግሞ በF ውስጥ አይቆጠርም። በረዶው አሥር ቦታ ቢሰባበርም አንድ ፌዝ ነው። ውሃው ከዜሮ በታች ወርዶም አልረጋ ካለ ፍላስኩን ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት።

ምልክት፦ የኖራ ድንጋይ ቆጠራ F = 0 ይሰጣል

አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው፤ መነሻው ግን ከላይኛው የተለየ ስለሆነ ልጥቀሰው። የኖራ ድንጋይ በዝግ ዕቃ ሲሞቅ ወደ ኖራና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል። ሦስት ውህዶችና አንድ አጸፋ ስላሉ C = 3 - 1 = 2 ነው፤ ሁለት ጠጣሮችና አንድ ጋዝ ሦስት ፌዝ ናቸው፤ F = 1 ይሆናል። ጠንቃቃ ነኝ የሚል ተማሪ «ኖራውና ጋዙ እኩል ሞል ስለሚወጡ አንድ ተጨማሪ ገደብ አለ» ብሎ C ወደ 1 ያወርዳል። ያ ገደብ የሚቆጠረው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ፌዝ ውስጥ ሲገኙ ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ የድብልቁን ድርሻ ያስራልና። አሞኒየም ክሎራይድ ሲፈርስ ሁለቱም ውጤቶች ጋዝ ስለሆኑ ገደቡ ይሠራል፣ C = 1 ይሆናል። እዚያም ቢሆን ከውጭ አሞኒያ ከተጨመረ ገደቡ ይፈርሳል፣ C ወደ 2 ይመለሳል። በኖራው ግን ጠጣሩ ለብቻው፣ ጋዙም ለብቻው ንጹሕ ናቸው፤ እኩል መውጣታቸው የየትኛውንም ድርሻ አያስርም። መለኪያውም ይህንኑ ይመሰክራል፦ ግፊቱ በ800 ዲግሪ 22 ኪሎፓስካል ያህል ነው፣ ወደ 900 ሲጠጋ ደግሞ 101 ይደርሳል። F ዜሮ ቢሆን ኖሮ ሦስቱ በሚዛን አብረው የሚኖሩት በአንድ ሙቀት ብቻ ነበር።