የአልጋ ቁስል መከላከያ ፕላን ላይ በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

ለአልጋ ቁራኛ አረጋዊ የሚወጣ ኬር ፕላን ብዙ ጊዜ ሲታይ የቁስል ስጋት ስኮሩ በትክክል ተሞልቷል፣ ስር ደሞ "በየ2 ሰዓቱ ይገላበጡ፣ ቆዳቸው ይታይ" ተብሎ ተጽፎ አልቋል። ታማሚው ግን በሳምንቱ ቁስል አወጡ። ችግሩ የት ጋ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። የ78 ዓመት እናት ናቸው እንበል፣ ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው ደክሟል፣ ከአልጋ አይነሱም፣ ሽንት ያመልጣቸዋል፣ ከሚቀርብላቸው ምግብ ግማሹን ነው የሚበሉት፣ ኪሎአቸው 50 ነው።

ድምሩን ጽፎ መተው

የአልጋ ቁስል ስጋትን በነጥብ የሚለካው ብሬደን ስኬል 6 ነገር ነው የሚያየው። የእኚህን እናት እንሙላው፦ ስሜት 3 (ቀኝ እጅና እግራቸው ህመም በደንብ አይሰማውም)፣ እርጥበት 2፣ እንቅስቃሴ 1 (ሙሉ በሙሉ አልጋ ላይ ናቸው)፣ አልጋ ላይ ራሳቸውን ማንቀሳቀስ 2፣ አመጋገብ 2፣ መፋተግና መንሸራተት 1። ድምሩ 11 መጣ። ከ10 እስከ 12 ከፍተኛ ስጋት ነው ይባላል፣ 9 እና ከዛ በታች ደሞ በጣም ከፍተኛ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ስጋቱ ይጨምራል፣ ይሄን ገልብጦ የሚያነብ ሰው አለ፣ ምክንያቱም ሌሎች ስኬሎች ላይ ትልቅ ቁጥር ነው የሚያስፈራው።

እና 11 ብቻውን ምን አድርጉ ይላል? ምንም። ሌላ 11 ያመጣ ሰው ሽንቱን የሚቆጣጠር ግን ምንም የማይበላ ሊሆን ይችላል፣ የሱ ፕላን ከእሳቸው ጋር አንድ መሆን የለበትም። ስለዚህ ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘው እያንዳንዱ ነገር ፕላኑ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው። እርጥበት 2 ከሆነ ዳይፐሩ በየስንት ሰዓቱ ይታያል፣ ከታጠቡ በኋላ ምን ዓይነት መከላከያ ክሬም ይቀባል። አመጋገብ 2 ከሆነ ፕሮቲን በቀን በኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ነው የሚመከረው፣ ለሳቸው ከ62 እስከ 75 ግራም ገደማ ይሆናል፣ ኩላሊታቸው ችግር ካለበት ግን መጠኑን ሀኪም ነው የሚወስነው። መፋተግ 1 ከሆነ ደሞ ወደ ላይ ሲሳቡ ብብታቸውን ይዞ መጎተት ቀርቶ በማንሻ አንሶላ ሁለት ሰው ሆኖ ከፍ አድርጎ ማንሳት።

ስኮሩ የገቡ ቀን ተሞልቶ እስኪወጡ እዛው መቀመጡም ያው ስህተት ነው። ትኩሳት መጣ፣ ተቅማጥ ጀመራቸው፣ ምግብ እምቢ አሉ ማለት በዛው ቀን እንደገና ይሰራል።

ሰዓት ጽፎ አቀማመጥ አለመጻፍ

"በየ2 ሰዓቱ" ብቻ ከተባለ እያንዳንዱ ሺፍት ለራሱ በቀለለው ጎን ያዞራቸዋል፣ ቻርቱ በፊርማ ሞልቶ ታማሚዋ ቀኑን ሙሉ በጀርባቸውና በግራ ጎናቸው ብቻ ሊያሳልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ስኬጁሉ ላይ አቀማመጡ በስሙ ይጻፍ፦ 12 ሰዓት ግራ ጎን፣ 2 ሰዓት ጀርባ፣ 4 ሰዓት ቀኝ ጎን እያለ። ቀኝ ጎናቸው ስሜቱ የደከመ ስለሆነ እዛ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ቢያጥር ይሻላል፣ ትከሻቸውም ከስር እንዳይታጠፍ ወደፊት ሳብ ተደርጎ ይቀመጣል። 2 ሰዓት ራሱ መነሻ እንጂ ህግ አይደለም። ሲዞሩ የተኙበት ቦታ ቀልቶ ከተገኘና ቅላቱ ቶሎ ካልጠፋ ልዩነቱ ይጠር። የአየር ፍራሽ ተገዛ ተብሎ ማገላበጥ የሚቀርበት ቤት ደሞ አለ፣ ፍራሹ ጫናውን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጎን ማለት ደሞ ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ መተኛት አይደለም፣ እንዲህ ሲሆን ክብደቱ በሙሉ ዳሌ አጥንት ላይ ይወርዳል። 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ነው የሚፈለገው፦ ከትከሻ እስከ ዳሌ ከጀርባ ትራስ ይደገፋል፣ አንድ ትራስ በጉልበቶች መሀል ይገባል። ትክክል መሆኑን ለማወቅ እጅህን ከወገብ በታች ካለው አጥንት ስር አስገባ፣ አጥንቱ ፍራሹ ላይ ካረፈ ዘንበሉ አልበቃም ማለት ነው።

አልጋው ራስጌ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ እዚህ ጋ ሁለት ነገር ይጋጫል። ራስጌው ከ30 ዲግሪ በላይ ሲነሳ ሰውነት ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ቆዳው ግን አንሶላው ላይ ተይዞ ይቀራል፣ ከውስጥ ያሉት ደም ስሮች ይሳባሉ፣ ከላይ ሲታይ ምንም የለም። በሌላ በኩል ስትሮክ ያለበት ሰው ተኝቶ ከበላ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፕላኑ ሁለቱንም በሰዓት ይለያያቸው፦ ለምግብ መጀመሪያ ጉልበታቸው ጋ አልጋው ከፍ ይላል ቀጥሎ ራስጌው ይነሳል፣ ከበሉ በኋላ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቆያሉ፣ ከዛ 30 ወይም ከዛ በታች ይወርዳል። "ራስጌው ይውረድ" የሚለው ካልተጻፈ እስከ ማታ እንደተነሳ ነው የሚቀረው።

ተረከዝን መርሳት

ትራስ በርዝመቱ ከባታቸው ስር ይገባል፣ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፣ ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ቀለበት መሳይ መቀመጫ ግን ይቅር፣ ዙሪያውን እየተጫነ መሀሉን ደም ያሳጣዋል።

ቅላት ብቻ መፈለግ

"ቆዳ ታየ፣ ደህና ነው" የሚል ማስታወሻ ምንም አይነግርም። ሙሉ ፍተሻ ቢያንስ በቀን አንዴ፣ አጭሯ ደሞ በተገላበጡ ቁጥር ከአሁን በፊት የተኙበትን ቦታ ማየት ነው። የቀላ ቦታ ካለ በጣት 3 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መልቀቅ፣ ነጣ ብሎ ከተመለሰ ደም እየዞረ ነው፣ ካልነጣ ግን ደረጃ 1 ቁስል ጀምሯል ማለት ነው፣ ቆዳው ባይከፈትም።

ይሄ ምርመራ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይሰራም፣ ቅላቱም ንጣቱም ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ብዙ ቁስል ከተከፈተ በኋላ ነው የሚገኘው። በጥሩ ብርሃን ቦታውን ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር አወዳድር፦ ጠቆር ወይም ሐምራዊ ብሏል? በእጅህ ጀርባ ሲነካ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠንከር ወይስ እንደ ጭቃ ለስለስ ብሏል? ሲነካስ ያማቸዋል? የኦክስጅን ቱቦ ካለ ከጆሮ ኋላ፣ ካቴተር ካለ ጭን ላይ የተኛበትን ቦታም ጨምር፣ እነዚ ቱቦዎችም ቁስል ያወጣሉ። የቀላውን ቦታ ማሸት ግን በፍጹም፣ የተጎዳውን ውስጡን ይብስበታል።

አይቶ ፕላኑን አለመቀየር

እኚህ እናት በሶስተኛው ቀን ከወገባቸው በታች ያለው አጥንት ላይ ሞቅ ያለና ጠንከር ያለ ጠቆር ያለ ቦታ ተገኘባቸው እንበል። መመዝገብ ብቻውን በቂ አይደለም፣ በዛው ሰዓት "ጀርባ" የሚለው ከስኬጁሉ ይወጣል፣ ግራና ቀኝ ብቻ ይቀራል፣ እዛም በ30 ዲግሪ። ቀኙ አጠር ማለቱ እንዳለ ሆኖ ሁለቱም ጎን ላይ ጫና ስለሚበዛ ዳሌዎቹም በየመገላበጡ ይታያሉ። የቦታው ስፋት በሴንቲሜትር ይለካና ይጻፋል፣ ቀጣዩ ሺፍት አደገ ወይስ ቀነሰ የሚለውን በሌላ መንገድ አያውቀውም። ቦታው ሐምራዊ ከሆነ ወይም ደም የቋጠረ ውሃ ካበጠበት ደሞ ጉዳቱ ከውስጥ ጀምሮ በጥቂት ቀን ሊከፈት ስለሚችል እስከ ነገ ሳይባል ለሀኪም ወይም ለቁስል ነርስ ይነገራል።